ስለ አረንጓዴው ራፖርትና ስለ ሥራው ሰሌዳ

ከቢታ ገነት የቡና ችግኝ ሥራ በየሳምንቱ «አረንጓዴ ነው» የሚል ራፖርት ይደርስዎታል እንበል። ቀለሙ የሥራ መሪው አሳብ ነው እንጂ የሥራው ልክ አይደለም፤ መሪውም ወቀሳን ስለሚፈራ ቀዩን ያዘገየዋል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በካርድ ተጽፎ ያልተጀመረ፥ የተጀመረ፥ የተፈጸመ ተብሎ የተለጠፈበትን ሰሌዳ ይመልከቱ።

ችግኙ በመደቡ 10,000 ሞልቷል። ነገር ግን «ጉድጓድ መቆፈር» የሚለው ካርድ በተጀመረው ረድፍ ከቆመ 6 ሳምንት ሆኖታል፤ የሚፈጸምበትም ቀን ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ተጽፏል። በአጠገቡ ሌላ 9 ሥራ ተጀምሮ በወሩ ውስጥ አንዱም አላለቀም። ጉድጓዱ ዝናሙ ሳይገባ ካልተዘጋጀ ችግኙ በመደብ ላይ ይቆያል፥ ሥሩም ይጠማዘዛል። እንግዲህ «ሥራው እንዴት ነው?» ማለትን ትተው፥ ይህን ካርድ ማን እንዳቆመው ይጠይቁ፤ ምናልባት ባለይዞታው ገና አልፈቀደ ይሆናል።

ሰሌዳውም ቢሆን ሊዋሽ ይችላልና፥ ከተፈጸመው ረድፍ አንድ ካርድ መርጠው ሥራውን በቦታው ሄደው ይዩ።