ከቁጥሩ በፊት ሴንቲ ሜትሩ

የአሜሪካ የልጆች ጫማ ቁጥር 13 ሲደርስ እንደገና ከ1 ይጀምራል። «1 ቁጥር» የጨቅላም፣ የተማሪም ጫማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እናት ውጭ ላለች እህቷ ስትጽፍ፣ ደብዳቤዋ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«እኅት ዓለም፣ ማታ ልጁን ካልሲ አልብሼ፣ ተረከዙን ግድግዳ አስነክቼ ወረቀት ላይ አቆምኩትና እስከ ረጅሙ ጣቱ ለካሁ። ቀኙ 19.5፣ ግራው 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የግራውን ያዢ። ማደጊያ አንድ ተኩል ጨምሪለት። በአውሮፓ 32፣ በአሜሪካ የትልልቆቹ ልጆች 1 ቁጥር አካባቢ ነው። ከዚያ ካስበለጥሽ ግን ተረከዙ እየወጣ ያቆስለዋል። ሶሉ የተሰፋ ይሁን፤ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀውን የክረምት ጭቃ ያላቅቀዋል። የእግሩን ቅርጽ በወረቀት ቆርጬ ልኬልሻለሁ፤ ጫማው ውስጥ አስገቢው፤ ከፊቱ የአውራ ጣትሽን ስፋት ያህል ካልተረፈ አትግዢው።»