«ልዩ ልዩ» የሚባል ወጪ የለም!

ዛሬ ቢሮ ከልጆቹ አንዷ ስልኳን ዘርግታ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለችኝ። የበጎ ፈቃድ ቡድናቸው መሪ ለአባላቱ የላከው ደብዳቤ ነው። ለእንቁጣጣሽ ለ80 አረጋውያን ማዕድ ሊያጋሩ አስበዋል፤ እሰየው። የወጪው «ዝርዝር» ግን ይኸውላችሁ፦ ምግብ 70,000፣ ትራንስፖርት 15,000፣ ልዩ ልዩ 35,000። ድምር 120,000 ብር፣ ለ40 አባላት ሲካፈል 3,000። ከሥሩ የመሪው የግል ባንክ ቁጥር። አለቀ!

ሒሳብ መርማሪ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1. ብዛትና ነጠላ ዋጋ ይጻፍ። መሪው ሌባ ነው አላልኩም፤ ገምቶ ነው የጻፈው። ሁሉም ቁጥር በሺህ የተጠጋጋ ሲሆን ዋጋ የጠየቀ ሰው እንደሌለ ይታወቃል። ልጅቷ እዚያው ሰፈሯ ደዋውላ ጠየቀች። 80 እንግዳና 20 አስተናጋጅ (የሚያስተናግዱትም ይበላሉ፤ ሁሌ የሚረሱት እነሱ ናቸው)፣ 100 ሰው በ350 ብር፦ 35,000። ውሃ 120 በ20 ብር፦ 2,400። ድንኳን ኪራይ 6,000። ወንበር 110 በ20 ብር፦ 2,200። ሚኒባስ 2፣ ለቀኑ በ3,500፦ 7,000። ድምሩ 52,600 ብር።

2. ቫት ተጨምሮ እንደሆነ ይጠየቅ። ምግብ አዘጋጁ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነና 35,000 ያለው ከቫት በፊት ከሆነ፣ 15 በመቶው 5,250 ብር በመጨረሻዋ ሰዓት ዱብ ይላል። በቃል አትመኑ፤ ፕሮፎርማ ተቀበሉ።

3. «ልዩ ልዩ»! በዚህ ቃል ስንት መዝገብ ላይ እንደተናደድኩ! ከጠቅላላው ሠላሳ በመቶ ገደማ የሚሆን ገንዘብ ስም የለውም። ስም የሌለው ወጪ ደግሞ ሲመረመር ማስረጃ አይገኝለትም፤ ምን መቅረብ እንደነበረበት ማንም አያውቅማ። ድንገተኛ ወጪ አይቀርም የሚል ካለ ልክ ነው፤ ለእሱ መጠባበቂያ ይያዛል። መጠባበቂያ ልክ አለው፤ እዚህ 10 በመቶ፣ 5,260 ብር በቂ ነው። ማን ፈቅዶ እንደሚወጣና ካልተነካ የት እንደሚሄድ ደብዳቤው ላይ ይጻፋል። ልብ በሉ፤ ቫቱን ሳትጠይቁ ከቀራችሁ መጠባበቂያው በሙሉ እዚያው ገብቶ የምትተርፋችሁ 10 ብር ናት።

ይህን በሽታ ልጆቹ ከየት አመጡት? ከእኛው መሥሪያ ቤቶች ነዋ! አንድ መሥሪያ ቤት ስመረምር «ልዩ ልዩ» ከጽሕፈት መሣሪያ በጀቱ በልጦ አገኘሁት። ስጠይቅ «ድሮም እንዲህ ነው» ተባልኩ። ለበዓል ዝግጅት ከሠራተኛው ደመወዝ ይቆርጡና ሪፖርቱን የሚያይ አንድም ሰው የለም። ከዚያ ወጣቱ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም ይሉናል።

ደግሞ ማካፈሉ። መጠባበቂያው ሲጨመር 57,860 ይሆናል፤ ካለፈው የተረፈ 4,860 በእጃቸው ስላለ የሚፈለገው 53,000 ነው። ለ40 ሲካፈል 1,325። ሁሉም ይከፍላል? ልጅቷ እንዳለችኝ ባለፈው የከፈሉት 30ዎቹ ብቻ ናቸው። እነሱ ብቻ 1,325 ቢያዋጡ የሚሰበሰበው 39,750 ነው፤ የ13,250 ብር ጉድለት በዋዜማው መሪው ትከሻ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለ30 ተካፍሎ፣ ተጠጋግቶ 1,770 ይባል፤ ወይም ገንዘቡ ካልሞላ የቱ እንደሚቀር አስቀድሞ ይነገር። ውሃውን ወይም ድንኳኑን በዓይነት ማቅረብ የሚችል ካለ ዋጋው ከድምሩ ይቀነስለት።

«በጎ ሥራ ላይ ሒሳብ መጠየቅ አለመተማመን ነው» የሚሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉን። ሒሳቡ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው መሪውን ራሱን ነው። የግል ሒሳቡ ውስጥ መዋጮና ደመወዝ ከተቀላቀሉ ንጹሕ መሆኑን በምን ያሳያል? ሁለት ፈራሚ ያለው፣ ሁለቱም ካልፈረሙ ገንዘብ የማይወጣበት የጋራ ሒሳብ ይከፈት። የከፈለ ሁሉ ተራ ቁጥር ይሰጠው፤ ግሩፑ ላይ የሚለጠፈው ቁጥሩና የብሩ መጠን ይሁን እንጂ ስም አይሁን። የሌለው ሰው እንዳያፍር።

የመክፈያው ቀንም ከቀብዱ ቀን ይቅደም። ምግብ አዘጋጁ ግማሹን ቀብድ የሚለው ከዝግጅቱ አንድ ሳምንት በፊት ከሆነ፣ እስከ ዋዜማው ክፈሉ ማለት መሪውን ብድር ውስጥ መክተት ነው።

ለልጅቷ ደብዳቤው ግርጌ የጻፍኩላትን እናንተም ውሰዱት፦ «መጠባበቂያው የሚወጣው በሁለቱ ፈራሚዎች ስምምነት ብቻ ነው። ዝግጅቱ ባለፈ በሳምንቱ የእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ ከዚህ ዝርዝር ጎን ተያይዞ ይለጠፋል። የተረፈው ለቀጣዩ ዝግጅት ይዞራል፤ ድርሻው እንዲመለስለት የሚፈልግ አባል ይመለስለታል።» ይህን ለመጻፍ ፈቃደኛ ያልሆነ መሪ ካለ ብራችሁን አትላኩ።