ቻርጀሩ ለምን ይጮኻል?

ሌሊት ቤቱ ጭር ሲል፣ ሶኬት ላይ ከተሰካው የስልክ ቻርጀር ቀጭን ፉጨት የሚመጣበት ጊዜ አለ። ግራ የሚያጋባው ሰዓቱ ነው። ስልኩ ባዶ ሆኖ ሲሞላ ዝም ያለው ቻርጀር፣ ስልኩ ሞልቶ ሲያበቃ ወይም ገመዱ ከስልኩ ሲነቀል መጮኽ ይጀምራል። ሥራ ሲበዛበት ሳይሆን ሲቀልለት ነው የሚጮኸው።

ከግድግዳው የሚመጣው ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። ቻርጀሩ መጀመሪያ ይህን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ፣ 310 ቮልት ገደማ ወዳለው ኮረንቲ ይለውጠዋል። ከዚያ ትራንዚስተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ኮረንቲውን በሰከንድ አሥር ሺዎች ጊዜ፣ ለምሳሌ 65 ሺህ ጊዜ፣ እየለቀቀና እያቋረጠ ወደ ትራንስፎርመር ይሰደዋል። ትራንስፎርመሩ ነው ቮልቱን ስልኩ ወደሚችለው መጠን የሚያወርደው። ኮረንቲው በተለቀቀ ቁጥር የመዳብ ሽቦው በጥቂቱ ይሳባል፤ የተጠመጠመበት ጥቁር ፌራይትም በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጥና ይሰበሰባል። ስለዚህ ቻርጀር ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። የማንሰማው የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 ሺህ በላይ የሆነ ንዝረት ስለማይለይ ነው።

ስልኩ ሲሞላ ግን የሚፈለገው ኃይል በጣም ያንሳል። ቻርጀሩም ኃይል እንዳያባክን ጥቂት ጊዜ ይለቅና ያርፋል፤ እንደገና ጥቂት ለቆ ያርፋል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2020 ጀምሮ ትንንሽ ቻርጀሮች ስልክ ሳይሰካባቸው ከ0.1 ዋት በላይ እንዳይበሉ በሕግ ስለተወሰነ፣ አምራቾች ይህን ዕረፍት የግድ ይጠቀሙበታል። ታዲያ ይህ መልቀቅና ማረፍ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሺህ ጊዜ ሲፈራረቅ ከጆሯችን ክልል ውስጥ ይገባል። የምንሰማው ፉጨት ይኸው ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ከፍተኛውን ድምፅ መስማት እየተሳነው ስለሚሄድ፣ አያት የማይሰሙትን ልጅ ቢሰማው አይገርምም።

እንግዲህ ድምፁ ቀጭን ከሆነ፣ ስልኩ ሲሰካና ሲነቀል ከተለዋወጠ፣ ቻርጀሩም ለብ ከማለት ካላለፈ ብልሽት አይደለም። የትራንስፎርመሩ ሽቦ በቫርኒሽ ወይም በሙጫ በደንብ ካልተያዘ ድምፁ ጎላ ይላል። ይህ የአሠራር ጥራት ማነስ ቢሆንም ብቻውን አደጋ የለውም። መብራት ጠፍቶ በኢንቨርተር ስንጠቀም የሚሰማው ወፍራም ጥዝዝታም እንዲሁ ነው፤ ርካሽ ኢንቨርተሮች የሚያወጡት ኮረንቲ ሸካራ ስለሆነ ነው። መብራት ሲመጣ ከጠፋ ችግሩ ከቻርጀሩ አልነበረም።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ያለድምፅ የሠራ ቻርጀር፣ ገና 30 በመቶ ላይ ያለ ስልክ እየሞላ መጮኽ ጀመረ እንበል። ያን ጊዜ ኃይል በብዛት ስለሚሄድ የዕረፍቱ ፉጨት ሊሰማ አይገባም። በመጀመሪያ ሌላ ሶኬት ላይ ይሰካ፤ ቀጥሎ በሌላ ገመድና በሌላ ስልክ ይሞከር። ድምፁ ቻርጀሩን ተከትሎ ከሄደ፣ ስልኩም ከወትሮው ዘግይቶ ከሞላ፣ ቻርጀሩም እጅ ለማስቀመጥ እስኪያስቸግር ከጋለ፣ ብዙውን ጊዜ ያረጀው በውስጡ ያለው ፈሳሽ የያዘ ካፓሲተር ነው። ሙቀት ፈሳሹን ያደርቀዋል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ትራስ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ውስጥ የሚቀመጥ ቻርጀር ቶሎ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ካፓሲተሩ ሲደክም ኮረንቲው ይረበሻል፤ አንዳንዴ እየተሞላ ያለው ስልክ ስክሪኑ ሳይነካ ራሱን ይነካካል።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ በየተወሰነ ጊዜ የሚደጋገም ድምፅ ደግሞ፣ ስልኩም የማይሞላ ከሆነ፣ ቻርጀሩ ሊነሣ ሲሞክር መከላከያው እያቋረጠው መሆኑን ያሳያል። ገመዱ ሾርት አድርጎ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ገመድ መሞከር ነው። በሌላ ገመድም ካልተሻለው ቻርጀሩ አብቅቶለታል።

ከሁሉም የከፋው ግን ፉጨት አይደለም፤ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚሰማው ያለ ጭስስታ ነው። ይህ ኮረንቲ በላላ መገናኛ ላይ እየዘለለ መሆኑን ይናገራል፤ ብዙውን ጊዜም ከቻርጀሩ ሳይሆን ከላላ ሶኬት ወይም ከማከፋፈያ ይመጣል። ሶኬቱ አካባቢ የጠቆረ ፕላስቲክ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ ቻርጀሩን በእጅ ለመንቀል ከመታገል በፊት ከቆጣሪው ማጥፋት ይሻላል። ሶኬቱ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይቀየር፤ ጥርሱ የጠቆረ ቻርጀርም አዲሱን ሶኬት መልሶ ስለሚያበላሽ አብሮ ይጣል። ቻርጀሩን ቤት ውስጥ ከፍቶ ማየት ግን አይገባም፤ ያ 310 ቮልት የያዘው ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሰው ሊመታ ይችላል።