ላንጋኖ ላይ ፕሮጀክቱ አለቀ፤ ሥራው ግን መች አለቀ?

«ፕሮጀክት፣ ፕሮግራምና መደበኛ ሥራ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አንደኛ ዓመት ላይ ይህች ጥያቄ የማታልፈው ተማሪ የለም። መልሱ ይሸመደዳል፤ ፕሮጀክት ጊዜያዊ ነው፣ ፕሮግራም የፕሮጀክቶች ስብስብ ነው፣ መደበኛ ሥራ ቀጣይ ነው። ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ሦስቱም ተመልሰው ይደባለቃሉ። እስቲ ላንጋኖ ድረስ ወርደን እንየው።

መጀመሪያ ቀላሉን እንያዝ። ባቻችሁ ቅዳሜና እሁድ ላንጋኖ ሊሄድ ወሰነ እንበል። ኮሚቴ ይመረጣል፣ ብር ይዋጣል፣ መኪና ይያዛል፣ ቀን ይቆረጣል። እሁድ ማታ ሁሉም ግቢ ሲገባ ሒሳብ ይወራረዳል፣ ኮሚቴውም ይበተናል። ይህ ፕሮጀክት ነው። መነሻና መድረሻ አለው፣ የራሱ በጀት አለው፣ ሲያልቅ ደግሞ የሠሩት ሰዎች ወደየሥራቸው ይመለሳሉ።

እናንተ ያደራችሁበት ሎጅ ውስጥ አንሶላ የምትቀይረውን ሠራተኛ ደግሞ አስቡ። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሰኞም ትቀይራለች፣ ማክሰኞም ትቀይራለች። ለእሷ ሥራ «ተጠናቀቀ» ተብሎ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን የለም። ጉዞው የሚለካው በሰዓቱና በተዋጣው ብር በማለቁ ነው፤ የእሷ ሥራ የሚለካው ባለመቋረጡ ነው። መደበኛ ሥራ ማለት ይሄ ነው።

ፕሮግራምስ? የተማሪዎች ኅብረት «ዘንድሮ ከአንደኛ ዓመት አንድም ተማሪ በውጤት ምክንያት እንዳይባረር» ብሎ ተነሳ እንበል። ለዚህ አንድ ነገር አይበቃም። ለአዲስ ገቢዎች ገለጻ ያዘጋጃል፣ የድሮ ፈተናዎችን አሰባስቦ ያባዛል፣ ከሚድ በፊት ቱቶሪያል ይሰጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ፕሮጀክት ነው፣ ግቡን የሚያሳኩት ግን ተደጋግፈው ነው። ወረቀቱ ተባዝቶ ቢያልቅም ተማሪው ከተባረረ ፕሮጀክቱ ተሳካ፣ ፕሮግራሙ ወደቀ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮጀክት አንድ ነገር ሠርቶ ያስረክባል፣ ፕሮግራም ግን በሰዎች ኑሮ ላይ የሚታይ ለውጥ ይጠየቃል።

አሁን ወደ ትልቁ ምሳሌ እንሂድ። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል አሉቶ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። ከሥሩ ያለው ሙቀት ኤሌክትሪክ ያመነጫል ተብሎ የታሰበው ዛሬ አይደለም። መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው ላይ የእንፋሎት ኃይል ፍለጋ ጀመሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሉቶ ላይ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ጥልቅ ስንል እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ታች ያለው ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ሁሉም ጉድጓዶች ግን ምርታማ አልሆኑም።

ቁፋሮው ፕሮጀክት ነው፣ አይከራከርም። እያንዳንዱ ጉድጓድ አዲስ ነው፤ ከታች ምን እንዳለ ሳይቆፈር በእርግጠኝነት አይታወቅም። ሲጨረስ የቁፋሮ ማሽኑ ተነቅሎ ይሄዳል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ 7.3 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የሙከራ ጣቢያ ተተክሎ ሥራ ጀመረ። ይሄም ፕሮጀክት ነበር፣ ተጠናቀቀ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የጂኦተርማል ማመንጫ ሆነ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጣቢያው ብዙም ሳይቆይ እየተንገዳገደ ሄዶ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2007 በከፊል ተጠግኖ እንደገና ሲነሳም የሚያመነጨው ከታቀደለት በታች ነበር። በባለሙያዎች ጽሑፎች ላይ ተደጋግሞ የሚነሳው ምክንያት መስኩንና ጣቢያውን በየዕለቱ የማስተዳደር ክህሎት ማነሱ ነው። ከመሬቱ በታች እንፋሎት አልጠፋም። የጎደለው መደበኛ ሥራው ነው።

እንዲህ ያለ ጣቢያ ውስጥ መደበኛ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ እንይ። የየጉድጓዱን ግፊትና ሙቀት በየጊዜው መለካትና መመዝገብ ያስፈልጋል። ከመሬት የሚወጣው ውሃ ማዕድን ይዞ ስለሚመጣ ልክ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ቧንቧው ላይ ይጋገራል፤ ካልተጠረገ ቧንቧው እየጠበበ ይሄዳል። የሚያፈስ ቱቦ ይደፈናል፣ ያረጀ ዕቃ ከመሰበሩ በፊት መለዋወጫው ይታዘዛል። አንዱም ዜና ላይ አይወጣም። ሲቀር ግን በአንድ ቀን ሳይሆን በወራት ውስጥ ምርቱ ወደታች ይንሸራተታል። ምዝገባ ከሌለ ደግሞ መንሸራተቱን የሚያየው ሰው የለም።

ታሪኩ እዚያ አላቆመም። ወደ 2015 ገደማ አሉቶ ላይ ሁለት አዳዲስ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ዕቅዱ ጣቢያውን ወደ 70 ሜጋ ዋት ማሳደግ ነበር። የዓለም ባንክም በ2014 ገንዘብ ሲፈቅድ ለአሉቶ ብቻ አልነበረም፤ አፋር ውስጥ ያለው አላሎባድም አብሮ ገባ። ሁለት ቦታ፣ ለየብቻ የሚቆፈሩ ጉድጓዶች፣ ግቡ ግን አንድ ነው፤ አገሪቱ በዝናብ ላይ ብቻ ያልተንጠለጠለ ኤሌክትሪክ እንዲኖራት። ይሄ ፕሮግራም ይመስላል፣ አይደል? በወረቀት ላይ ያለው ስሙ ግን «የጂኦተርማል ዘርፍ ልማት ፕሮጀክት» ነው። ስለዚህ ፈተና ላይም ሥራ ላይም ስም አያታልላችሁ። ጠባዩን እዩ።

ጠባዩን ለማየት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። «አለቀ» የሚባልበት ቀን አለው ወይ? ካለው ፕሮጀክት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አንዱ ቢሳካ ሌላው ካልተሳካ ጠቅላላ ግቡ ይወድቃል ወይ? አዎ ከሆነ ፕሮግራም ነው። ነገ ባይሠራ የሚቋረጥ አገልግሎት አለ ወይ? እሱ መደበኛ ሥራ ነው።

ልዩነቱ ገንዘብ ላይም ይታያል። የመንግሥት በጀት ካፒታልና መደበኛ ተብሎ ይከፈላል። ጤና ጣቢያ መገንባት ከካፒታሉ ይወጣል፣ የነርሷ ደመወዝ ከመደበኛው። ካፒታሉ አንዴ ይመደባል፣ ያበቃል። መደበኛው ግን ሕንጻው እስከቆመ ድረስ በየዓመቱ ይጠየቃል። ማለትም እያንዳንዱ የተጠናቀቀ ፕሮጀክት የማያልቅ ወጪ ወልዶ ይሄዳል። ያንን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ከመጀመሪያው ካልተጻፈ፣ የተመረቀው ነገር ቀስ ብሎ ይዘጋል።

ከዚህ በኋላ አስጎብኚ መኪና ላይ ሆናችሁም ይሁን ዜና ስትከታተሉ «ፕሮጀክቱ መቶ በመቶ ተጠናቀቀ» ሲባል ከሰማችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ቁልፉን የተረከበው ማን ነው? ሰው፣ መለዋወጫና ዓመታዊ በጀትስ አለው? መልስ ከሌለ የተጠናቀቀው ግንባታው ብቻ ነው።