ከቪዲዮ ጀርባ የሚሰማው ሙዚቃ ባለቤት

ዩቲዩብ ላይ የሚጫን ቪዲዮ ሁሉ Content ID በሚባል የማነጻጸሪያ ሥርዓት ያልፋል። ሥርዓቱ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የሙዚቃ አሳታሚዎች፣ አከፋፋዮችና የፊልም ድርጅቶች የእኛ ነው የሚሉትን ድምፅና ምስል ወደ ቋቱ ያስገባሉ፤ ከእያንዳንዱ ቅጂም እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል መለያ ይወጣለታል። አዲስ ቪዲዮ ሲጫን የእሱም አሻራ በቋቱ ውስጥ ካሉት ጋር ይመሳከራል። ተመሳሳይ ከተገኘ የቅጂ መብት ጥያቄ፣ በቪዲዮ ሠሪዎች አነጋገር “ክሌይም”፣ ይቀርብበታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው ባለመብት ነኝ ያለው ወገን አስቀድሞ የመረጠው መመሪያ ነው። ቪዲዮው ሊታገድ፣ የማስታወቂያው ገቢ ወደ ባለመብቱ ሊሄድ፣ ወይም የተመልካቹ ብዛት ብቻ ሊመዘገብለት ይችላል።

መሣሪያው የሚያውቀው ድምፁ የትኛውን ቅጂ እንደሚመስል ብቻ ነው። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ሙዚቃውን ገዝቶት ይሁን አስፈቅዶ፣ ወይም ራሱ ተጫውቶት፣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መምሰሉም ራሱ ሊሳሳት ይችላል። አንድ አውስትራሊያዊ የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ በኮምፒውተር ያመነጨውን፣ ጣቢያ የጠፋው ሬዲዮ እንደሚያሰማው ያለ የ10 ሰዓት ሹሽታ ዩቲዩብ ላይ ጭኖ ነበር። በዚህ ቪዲዮ ላይ አምስት ክሌይም እንደቀረበበት እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በዜና ተሰምቷል። ዜማም ቃልም የሌለው ድምፅ ላይ ይህ ከሆነ፣ ሁለት ክራር ተጫዋቾች በአንድ ቅኝት አንዱን ዜማ ሲጫወቱ መምታታት ቢፈጠር አያስገርምም።

ክሌይም ሲመጣ ብዙ ሰው ቻናሉ ሊዘጋ ነው ብሎ ይደነግጣል። ድንጋጤው የሚመጣው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ከማደባለቅ ነው። ክሌይም የሚነካው ያንኑ አንድ ቪዲዮ ነው፤ በቻናሉ ላይ ቅጣት አያስቆጥርም። ቅጣቱ “ስትራይክ” ይባላል። የሚመጣውም ባለመብቱ በሕግ መሠረት ቪዲዮው እንዲነሳ በጽሑፍ ጠይቆ ሲነሳ ነው። አንድ ስትራይክ በተለመደው አሠራር ከ90 ቀን በኋላ ይሰረዛል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከተጠራቀመ ግን ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያው እንደደረሰ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ነው።

በአንድ ሙዚቃ ውስጥ ሁለት መብቶች አሉ። አንዱ የዜማውና የግጥሙ ደራሲ ነው፤ ሌላው ድምፁን ያስቀዳው ወገን ነው። ትዝታ፣ አምባሰል፣ ባቲና አንቺሆዬ የሕዝብ ቅኝቶች ናቸው፤ ማንም በእነሱ ሊዘፍን፣ ሊጫወት ይችላል። አንድ ባለሙያ ስቱዲዮ ገብቶ በክራር ያስቀዳው ትዝታ ግን፣ ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳ፣ ቅጂው ባለቤት አለው። “የባህል ዜማ ነው፣ የማንም አይደለም” የሚለው መልስ ለዜማው ትክክል ሲሆን ለቅጂው ግን አይሠራም። የራሱን ክራር ራሱ የሚጫወት ሰው ከሁለቱም ነፃ ነው።

ጊዜ ያለፈበት ሙዚቃም እንዲሁ በጥንቃቄ ይታያል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ለድምፅ ቅጂ የተሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን 70 ዓመት ነው። ዩቲዩብ በየአገሩ ስለሚታይ፣ አንድ አሮጌ ሸክላ አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ በርሊን ላይ ሊታገድ ይችላል። በክሌይሙ ዝርዝር ውስጥ የታገደባቸው አገሮች ተለይተው የሚጻፉትም ለዚህ ነው።

ለጀርባ የሚሆን ሙዚቃ ከሚፈለግባቸው ቦታዎች ቀዳሚው የዩቲዩብ የራሱ Audio Library ነው፤ በYouTube Studio ውስጥ ይገኛል። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ሥራዎች የሠሪውን ስም መጥቀስ እንኳ አይጠይቁም፤ የተወሰኑት ይጠይቃሉ፣ ምልክቱም ከጎናቸው ይታያል። ከዚያ ውጭ በክፍያ የሚሰጡ ቤተ ሙዚቃዎች አሉ። እዚህ ላይ “ሮያሊቲ ፍሪ” የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ትርጉሙ በነፃ ማለት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ፈቃዱ ከተገዛ በኋላ ሙዚቃው በተሰማ ቁጥር ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅም ማለት ነው። በወርሃዊ ክፍያ የሚሠሩ አንዳንድ አቅራቢዎች ደግሞ ክፍያው ባለበት ጊዜ የወጡትን ቪዲዮዎች ክፍያው ከተቋረጠ በኋላም ይሸፍናሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚወጡትን ግን አይሸፍኑም። ይህ ከአቅራቢ አቅራቢ ስለሚለያይ ውሉን ማንበብ የግድ ነው።

ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ የሚለቀቁ ሙዚቃዎች በፈቃዱ ስም ላይ የተጨመሩትን ሁለት ሁለት ፊደሎች ማንበብን ይጠይቃሉ። CC BY የሠሪው ስም ከተጠቀሰ ለንግድ ሥራም ይፈቅዳል። NC ያለበት ለገቢ ማስገኛ አይሆንም፤ ማስታወቂያ የሚታይበት ቻናል ላይ መጠቀሙ ክርክር ያስነሳል። SA ያለበት ደግሞ ቪዲዮው ራሱ በዚያው ፈቃድ እንዲለቀቅ ያስገድዳል። ብዙዎች የሚስቱት ND ያለበትን ነው። ሙዚቃውን ምንም ሳይቆርጡ ቢጠቀሙበት እንኳ፣ ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር ማዛመዱ በፈቃዱ አተረጓጎም ሥራውን እንደ መለወጥ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ለቪዲዮ አይሆንም። ስም የሚጠቀሰው በቪዲዮው መግለጫ ውስጥ ሲሆን፣ የሥራው ርዕስ፣ ሠሪው፣ የተገኘበት ቦታና ፈቃዱ ይጻፋሉ። ኬቨን ማክላውድ የተባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ሥራዎቹን በዚህ ፈቃድ ስለሚለቅ አጻጻፉ በእሱ ሥራ ሊታይ ይችላል፦

```
"Monkeys Spinning Monkeys" Kevin MacLeod (incompetech.com)
Licensed under Creative Commons: By Attribution 4.0
https://creativecommons.org/licenses/by/4.0/
```

“ኮፒራይት የሌለው ሙዚቃ” በሚል ርዕስ ዩቲዩብ ላይ የሚለጠፉትን ማመን ግን አደጋ አለው። ለጣፊው ብዙ ጊዜ የሙዚቃው ባለቤት አይደለም፤ የሌለውን መብት ለሌላ ሊሰጥ አይችልም። ፈቃዱ ከሠሪው ከራሱ ገጽ ላይ ካልተነበበ እንዳልተገኘ ይቆጠራል።

ከሌላ ቪዲዮ ስለሚወሰድ ቁራጭም በሰፊው የሚነገር ስህተት አለ። ከ10 ወይም ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ አያስጠይቅም ይባላል። እንዲህ ያለ የሴኮንድ ገደብ በኢትዮጵያም ሆነ በአሜሪካ ሕግ ውስጥ የለም። የኢትዮጵያው አዋጅ ምንጩና የደራሲው ስም ተጠቅሶ፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ መጥቀስን ይፈቅዳል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ “ፌር ዩዝ” በሚለው ሥርዓት የአጠቃቀሙን ዓላማ፣ የሥራውን ጠባይ፣ የተወሰደውን መጠንና በባለቤቱ ገበያ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በአንድነት ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ስቴፋኒ ሌንዝ የተባለች አሜሪካዊት ትንሽ ልጇ ወጥ ቤት ውስጥ በፕሪንስ ዘፈን ሲወዛወዝ የሚያሳይ የ29 ሴኮንድ ቪዲዮ ጭና ነበር። በሙዚቃ አሳታሚው ጥያቄ ቪዲዮው ተነሳ፤ እሷም መቃወሚያ አቅርባ ተመለሰላት፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2015 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ባለመብቶች ቪዲዮ እንዲነሳ ከመጠየቃቸው በፊት ፌር ዩዝን ማጤን እንዳለባቸው ወሰነ። ለ29 ሴኮንድ ቪዲዮ ስምንት ዓመት መፍጀቱ ግን መብት መኖሩና መብትን ማስከበር ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል።

ክርክሩ እንዴት እንደሚሄድ በአንድ ምሳሌ ይታይ። አንዲት የምግብ አሠራር ቻናል ያላት ሴት የዶሮ ወጥ ቪዲዮዋ ላይ፣ ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ከ2:10 እስከ 5:40 ድረስ የክራር ድምፅ አስገብታለች። ክራሩን የተጫወተው የሰፈሯ ልጅ ሲሆን ከፍላው በአንድ ወረቀት ተፈራርመዋል። ከስድስት ወር በኋላ ተጫዋቹ ያንኑ ቅጂ ከሌሎች ጋር አድርጎ አልበም ያወጣል፤ በአከፋፋይ በኩል ስለሆነ አከፋፋዩ ቅጂውን ወደ Content ID ያስገባዋል። በማግስቱ ክሌይም ይደርሳታል። እሷም ተጫዋቹም አከፋፋዩም አላጠፉም፤ አከፋፋዩ ስለ ወረቀቱ የሰማው ነገር ስለሌለ ነው።

የመጀመሪያው ሥራዋ በStudio ውስጥ ዝርዝሩን ከፍቶ የትኛው ደቂቃ፣ በየትኛው ሥራና በማን ስም እንደተጠየቀ ማየት ነው። ፈቃድ ባይኖራት ኖሮ ክርክር ሳይነሳ፣ Trim out segment ክፍሉን ይቆርጥላታል፣ Replace song ሙዚቃውን ይቀይርላታል፣ Erase song ደግሞ ንግግሯን ትቶ ሙዚቃውን ለማጥፋት ይሞክራል። እዚህ ግን ወረቀት ስላላት Dispute ትላለች፤ ከሚቀርቡት ምክንያቶችም License የሚለውን ትመርጣለች። ቀኑ ዋጋ አለው፤ ክሌይሙ በቀረበ በ5 ቀን ውስጥ ከተከራከረች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ገቢ እስኪወሰን ለማንም ሳይሰጥ ይቆያል። ከዘገየች የሚያዘው ከተከራከረችበት ቀን ወዲህ ያለው ነው።

ክርክሩን አንብቦ የሚመልሰው ጥያቄውን ያቀረበው አከፋፋይ ነው፤ ዩቲዩብ በመካከል ዳኛ አይሆንም። ስለዚህ “ሌቦች ናችሁ” የሚል ጽሑፍ የሚደርሰው ፋይሉን መዝጋት ወይም መልቀቅ በሚችለው ሠራተኛ እጅ ነው። የሚጠቅመው አጭርና ሊጣራ የሚችል ነገር ነው፦ “ከ2:10 እስከ 5:40 የሚሰማውን ቅጂ ተጫዋቹ ለዚህ ቻናል በጽሑፍ ፈቅዶልኛል። ስምምነቱ የተፈረመው አልበሙ ከመውጣቱ ከስድስት ወር በፊት ነው። ተጫዋቹን በመጠየቅ ማረጋገጥ ይቻላል።” ከዚህ ጎን ለጎን ለተጫዋቹ መደወል ብዙ ጊዜ ከክርክሩ ይፈጥናል፤ እሱ ለአከፋፋዩ ቻናሉን ከክሌይም ነፃ አድርጉልኝ ሊል ይችላል።

አከፋፋዩ 30 ቀን አለው። ዝም ካለ ክሌይሙ በራሱ ይነሳል። ካልተቀበለ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ለይግባኙ የሚሰጠው ጊዜ 7 ቀን ነው። በዚህ ደረጃ ግን ባለመብቱ ቪዲዮው እንዲነሳ በሕግ መጠየቅ ይችላልና ስትራይክ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ወረቀት የሌለው ሰው ይግባኝ ከመግባቱ በፊት ሙዚቃውን ቢቀይር የሚሻለው። ወረቀት ያለው ሰው ከተነሳም በኋላ መቃወሚያ ማስገባት ይችላል፤ ጠያቂው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል። መቃወሚያው እውነተኛ ስምና አድራሻ የያዘ፣ በመሐላ የሚቀርብ ሕጋዊ ሰነድ ስለሆነ እንዲሁ ለመሞከር አይገባበትም።

በምሳሌው ያለችው ሴት እዚያ ድረስ አትሄድም። ተጫዋቹ በዚያው ሳምንት አከፋፋዩን ያነጋግራል፣ ክሌይሙ ይነሳል፣ ተይዞ የቆየውም ገቢ ለእሷ ይለቀቃል። የረዳት ወረቀት የሁለት ሰው ፊርማና ቀን ያለበት አንድ ገጽ ነው። ሙዚቃ ከድረ ገጽ ላወረደ ሰው ደግሞ የወረቀቱን ቦታ የሚተካው የፈቃዱ ገጽ በወረደበት ዕለት በስክሪን ፎቶ ተነሥቶ፣ ከደረሰኙና ከሊንኩ ጋር በቪዲዮው ፎልደር ውስጥ ሲቀመጥ ነው፤ ገጹ በኋላ ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ ይችላልና።