የማጽደቂያው ኢሜይል ለምን ለተዛወሩት ኃላፊ ይሄዳል?

አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ የፕሪንተር ቀለም እንዲገዛለት በመሥሪያ ቤቱ ፖርታል ላይ ጥያቄ ሞልቶ ላከ እንበል። ቅጹ የሠራተኛውን የቅርብ ኃላፊ ራሱ ፈልጎ «ጥያቄውን ያጽድቁ» የሚል ኢሜይል ይልካል። ቀናት ቢያልፉም መልስ የለም። ሲጣራ ኢሜይሉ የደረሰው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ለተዛወሩት ለቀድሞዋ ኃላፊ ነው። በቦታቸው የተተኩት ኃላፊ ስለ ጥያቄው የሰሙት ነገር የለም።

በዚህ ጊዜ የአይቲ ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈትሸው ቅጹን ነው። እዚያ ግን ስህተት አያገኝም። ቅጹ የታዘዘውን አድርጓል፤ ያረጀው ያነበበው መረጃ ነው።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች በራሳቸው ሰርቨር ላይ የሚጠቀሙበትን የማይክሮሶፍት ሼርፖይንት ብንወስድ፣ የአንድ ሠራተኛ መረጃ በውስጡ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ዝውውሩን መጀመሪያ የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ነው። ከዚያ አንድ ሰው አክቲቭ ዳይሬክተሪ በሚባለው የተጠቃሚዎች መዝገብ ውስጥ `manager` የሚለውን መስክ መቀየር ይኖርበታል። ሼርፖይንት ከዚህ መዝገብ እየቀዳ ለየሠራተኛው ፕሮፋይል ይይዛል። በዚህም አያበቃም፤ እያንዳንዱ የፖርታሉ ሳይት የሰዎችን ስምና ኢሜይል የሚያስቀምጥበት፣ ተራ ተጠቃሚ የማያየው የራሱ ዝርዝር አለው። `User Information List` ይባላል።

ቅጹ አጽዳቂውን ሲፈልግ ሁለት ነገር ይጠይቃል። የዚህ ሠራተኛ ኃላፊ ማን ነው? መልሱን ከፕሮፋይሉ ያገኛል። የኃላፊው ኢሜይልስ? ይህንን የሚያነበው ከሳይቱ ዝርዝር ነው። ሁለቱ ቅጂዎች በየራሳቸው ጊዜ ስለሚታደሱ አንዱ ትክክል ሆኖ ሌላው ያረጀ ሊሆን ይችላል።

የትኛው እንዳረጀ ለማወቅ ሥራው በማን ስም እንደተመዘገበ ማየት ይበቃል። በፖርታሉ የሥራ ዝርዝር ላይ የተጻፈው የቀድሞዋ ኃላፊ ስም ከሆነ ችግሩ ከፕሮፋይሉ ወይም ከዚያ በላይ ካለው መዝገብ ነው። የተመዘገበው የአዲሱ ኃላፊ ስም ሆኖ ኢሜይሉ ብቻ ሌላ ሰው ጋ ከደረሰ ግን ያረጀው የሳይቱ ዝርዝር ነው።

የመጀመሪያው የከፋ ነው። ሥራው በስማቸው ስለተመዘገበ የተዛወሩት ኃላፊ ከፍተው ሊያጸድቁት ይችላሉ። ያን ጊዜ ሥልጣኑ የሌላቸው ሰው ግዥ አጽድቀዋል ማለት ነው፤ ኦዲተር ሲመጣም በመዝገቡ ላይ የሚያገኘው የእሳቸውን ስም ነው።

ሁለተኛው በእኛ አገር የራሱ መንገድ አለው። የኢሜይል አድራሻ በብዛት የሚሠራው ከሠራተኛው ስምና ከአባቱ ስም ነው፤ በሁለቱም የሚመሳሰሉ ሰዎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። የአንድ ኃላፊ አድራሻ ተቀይሮ አሮጌው ለአዲስ ተቀጣሪ ሞክሼ ከተሰጠ፣ ባልታደሰው ሳይት ላይ የኃላፊው ደብዳቤ ሁሉ ለዚያ ተቀጣሪ ይደርሳል። የጨረታ ዋጋም የደመወዝ ጥያቄም ሊሆን ይችላል።

የፕሮፋይል ለውጥን ወደ ሳይቶቹ የሚያደርስ ሥራ በተለመደው አቀማመጥ በየሰዓቱ ይሠራል። ሆኖም ሁሉንም ሰው ላያዳርስ ይችላል፤ ሳይቱን ከፍቶ የማያውቅ፣ ኢሜይል ብቻ የሚቀበል ኃላፊ መረጃው ሳይታደስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። አጽዳቂዎች ደግሞ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ለአንድ ሰው ብቻ ለማደስ የሼርፖይንት አስተዳዳሪው ይህንን ትእዛዝ ይጠቀማል፤ የመለያ ስሙንና አድራሻውን በራሱ ይተካል፦

```
Set-SPUser -Identity "i:0#.w|DOMAIN\user" -Web "http://portal" -SyncFromAD
```

ትእዛዙ ስምና ኢሜይልን ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ አምጥቶ በሳይቱ ዝርዝር ላይ ያድሳል። ኃላፊው ማን እንደሆነ ግን አይቀይርም። እሱ የሚስተካከለው `manager` የሚለው መስክ ተቀይሮ ፕሮፋይሉ እንደገና ሲቀዳ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። አጽዳቂው የሚፈለገው ጥያቄው በሚላክበት ጊዜ ስለሆነ፣ መረጃው ዛሬ ቢስተካከልም ትናንት የተጀመሩት ጥያቄዎች በአሮጌው ስም እንደተያዙ ይቆያሉ። አንድ በአንድ ተፈልገው ለትክክለኛው ኃላፊ መመራት አለባቸው። የፕሪንተር ቀለም የጠየቀው ሠራተኛም መልስ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

የሰው ኃይል ክፍሎች የዝውውር ደብዳቤ ሲያወጡ ለአይቲ ክፍሉ በዚያው ዕለት ግልባጭ ያድርጉ። የአይቲ ክፍሎችም የለቀቀ ወይም አድራሻ የቀየረ ሠራተኛን ኢሜይል ለሌላ ሰው አይስጡ።