ሌባ የሌለበት ሳይረን፦ የእንቅስቃሴ ሴንሰር በፀሐይ፣ በማሞቂያና በድመት ለምን ይታለላል?

ቦሌ ቡልቡላ ላለው የአክስቴ ቤት የሌባ ማስጠንቀቂያ ሠርቼ ነበር። ዕቃው ጥቂት ነው፤ ኤችሲ-ኤስአር 501 የሚባለው ርካሽ የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ አንድ አርዱዊኖ እና አንድ ሳይረን። ክረምቱን ሙሉ ምንም አላስቸገረም። ኅዳር ሲገባ ግን ጉዱ ጀመረ። ቤት ውስጥ ማንም የለም፣ ሳይረኑ ይጮሃል፤ ጎረቤት ይደውላል፤ አክስቴ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ይሄን ነገርህን ንቀልልኝ» አለችኝ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ሳይረኑን ለምደውት ዞር ብለው ማየት ትተዋል። የእውነት ሌባ ቢገባ ማን ይመጣል?

መጀመሪያ ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ሴንሰሩ ላይ ካሉት ሁለት ብርቱካናማ መዞሪያዎች አንዱ ንቃቱን ይቆጣጠራል፤ እሱን ቀነስኩት። ጩኸቱ ትንሽ ቀነሰ፣ ግን እኔ ራሴ ሳሎኑን አቋርጬ ስሄድም ዝም አለኝ። መዞሪያው ፀሐይን ከሌባ አይለይማ! ሁለቱንም አብሮ ነው የሚያደነቁረው።

ነገሩን ለመረዳት ሴንሰሩ በትክክል ምን እንደሚያይ ማወቅ አለባችሁ። ስሙ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ቢሆንም እንቅስቃሴን አያይም። የሚያየው የሙቀት ለውጥን ነው። የሰው ቆዳ ሙቀት ወደ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ፣ ከሰውነታችን የሚወጣው የማይታይ ጨረር በ9 እና በ10 ማይክሮሜትር መካከል ባለው የሞገድ ርዝመት ላይ ይበረታል። ሴንሰሩ ውስጥ ይህን ጨረር የሚቀበሉ ሁለት ትንንሽ ቁራጮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የተገናኙት አንዱ የሌላውን ምልክት እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው። ክፍሉ በሙሉ ቀስ ብሎ ቢሞቅ ሁለቱም እኩል ይሞቃሉ፣ ምልክቱ ይጣፋል። ሰው ሲያልፍ ግን መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ይሞቃል፤ ያኔ ምልክት ይወጣል። ከላይ ያለው ነጭ ጉልላት ደግሞ ጌጥ አይደለም። ክፍሉን እንደ ማራገቢያ ክንፍ ወደ ብዙ ጠባብ መስመሮች የሚከፋፍል ሌንስ ነው። ስለዚህ መስመሮቹን አቋርጣችሁ ስትሄዱ ቶሎ ያያችኋል፤ ቀጥታ ወደ እሱ ስትመጡ ግን ይዘገያል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ከጀርባው ካለው ነገር የሚሞቅ ወይም የሚቀዘቅዝ ማንኛውም ነገር መስመሮቹ ላይ በፍጥነት ቦታ ከቀየረ፣ ለሴንሰሩ ሰው ነው።

መዞሪያውን ወደ ቦታው መለስኩና አክስቴን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። ሳይረኑ በጮኸ ቁጥር ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ሰዓቱን እንድትጽፍልኝ። በጎን ሌላ ፈተና አደረግኩ፤ ሌንሱን በወፍራም ካርቶን ሙሉ በሙሉ ሸፍኜ አንድ ቀን አሳደርኩት። ተሸፍኖም ቢጮህ ኖሮ ችግሩ ሙቀት ሳይሆን የሚዋዥቅ ኃይል ወይም ከሽቦው አጠገብ ያለ ስልክ ይሆን ነበር። አልጮኸም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ካላንደሩ ራሱ ተናገረ። ሰዓቶቹ ሦስት ዓይነት ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁሌም ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ይብሳሉ። ሴንሰሩ የተሰቀለው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነበር (የኔ ጥፋት ነው)። መስኮቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ፈንጠር ብላ ስለምትወጣ ሳሎኑ መሬት ላይ ታርፋለች፤ በክረምት ግን ወደ ሰሜን ታደላለች፣ ሰማዩም ደመና ነው። ለዚያ ነው ክረምቱን ሰላም የነበረው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የመስኮት መስታወት የሰውነትን ጨረር አያሳልፍም፤ ውጭ የሚያልፍ ሰው ለሴንሰሩ አይታይም። የፀሐይን ብርሃን ግን ያሳልፋል። ብርሃኑ መሬቱን ያሞቃል፣ የሞቀው መሬት ደግሞ ልክ ሴንሰሩ በሚያየው የሞገድ ርዝመት መልሶ ይረጫል። ቅዳሜስ? ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። መስኮቱ ፊት የተሰጣው አንሶላ በነፋስ ሲወዛወዝ ጥላው መሬቱን አንዴ ያቀዘቅዘዋል፣ አንዴ ይለቀዋል።

መፍትሔው ሴንሰሩን መንቀል ነበር፤ ግን አክስቴ እንዳለችው ሳይሆን ከመስኮቱ ወዳለበት ግድግዳ ጥግ ለመውሰድ። አሁን ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቷል፤ ፀሐይ የሚያርፍበት መሬትም ከእይታው ውጭ ነው። ከበሩ ወደ መኝታ ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ መስመሮቹን አቋርጦ ያልፋል።

ሁለተኛዎቹ የሌሊት ናቸው፤ ቀዝቃዛ በሆኑ ሌሊቶች በግምት በየ25 ደቂቃው። እንዲህ ሰዓት የሚጠብቅ ሌባ የለም። አክስቴ ብርዱ ሲበረታ ሳሎን ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለኩሳ ትተኛለች። ማሞቂያው የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሳል። በተነሳ ቁጥር ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣና መጋረጃውን ያንቀሳቅሳል። የሞቀ መጋረጃ ሲወዛወዝ ያው ሰው መስሏል። ማሞቂያውን ከመጋረጃው አራቅነው፣ ከሴንሰሩ እይታም አወጣነው። ከሴንሰሩ ሥር ግን አታስቀምጡት፤ ሞቃቱ አየር ሌንሱን ራሱን ያሞቀዋል።

ሦስተኛዎቹ ምንም ሥርዓት የላቸውም፤ ድመቷ ናት። ድመት መሬት ላይ ስለምትሄድ ወደ ታች የሚያዩትን መስመሮች መዝጋት ይበቃል። ሴንሰሩን ወደ 2 ሜትር ከፍታ ሰቅዬ፣ የሌንሱን የታችኛውን ረድፎች ከውስጥ በኩል በአሉሚኒየም ቴፕ ሸፈንኩ። ከዚያ አራት እግር ሆኜ ሳሎኑን ተሻገርኩ (አክስቴ እስካሁን ትስቅብኛለች)፤ ዝም አለ። ቆሜ ስሄድ ጮኸ። ግን ገደብ አለው፤ ድመቷ ቁም ሳጥን ላይ ከወጣች ወደ ላይኞቹ መስመሮች ገባች ማለት ነው። በዳዴ የሚገባ ሌባም ያልፋል። የጎኑን ሶፋና ቁም ሳጥን አንሥተን ሌላ ቦታ አደረግናቸው።

የቀረውን አልፎ አልፎ የሚመጣ ነጠላ ጩኸት በኮድ ያዝኩት። ሳይረኑ የሚነሳው በ15 ሰከንድ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ሲመጡ ብቻ ነው። ለዚህ ሴንሰሩ ላይ ያለችው ትንሽ መሰኪያ `L` ላይ ትሁን፣ የጊዜ መዞሪያውም ወደ አጭሩ ይዙር። አለበለዚያ የሚንቀሳቀስ ሰው አንድ ረጅም ምልክት ብቻ ይሰጣል።

```cpp
const int PIR = 2, SIREN = 8;
bool was = LOW;
unsigned long last = 0;

void setup() {
  pinMode(PIR, INPUT);
  pinMode(SIREN, OUTPUT);
  delay(60000);
}

void loop() {
  bool now = digitalRead(PIR);
  if (now && !was) {
    if (last && millis() - last < 15000)
      digitalWrite(SIREN, HIGH);
    last = millis();
  }
  was = now;
  delay(20);
}
```

መጀመሪያ ላይ ያለው የ60 ሰከንድ ጥበቃ ሴንሰሩ እስኪረጋጋ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዳይጮህ ያደርጋል። ሳይረኑ አንዴ ከተነሳ ኃይሉ እስኪቋረጥ አይቆምም። ኮዱን ግን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት በምክንያት ነው። የአንሶላው ጥላ በ15 ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ መወዛወዝ አያቅተውም፤ ሴንሰሩን ከመስኮቱ ፊት ሳላነሳ ኮዱን ብጽፍ ኖሮ ቅዳሜ ጠዋት ያው ይጮህ ነበር።

ካላንደሩ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ከጥር ወዲህ የተጻፈበት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም የአክስቴ ልጅ ሳይረኑን ማጥፋት ረስቶ አምሽቶ የገባበት።